ሲኮርጁ አይቼ ባለፍኳቸው ተማሪዎች ፊት ስለ ሐቀኝነት እንዴት ልናገር?

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፣

በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበቡንም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ እንደተሰቀለ፣ ‹ማንም ሳያየን ሐቀኛ መሆን› በሚል ርእስ አሥር ደቂቃ እንድናገር ርእሰ መምህራችን አዘዙኝ። እሺ አልኩ። እንቢ የምልበት ምክንያት ለሰው የሚነገር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት የሁለተኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ላይ የአንድ አሥረኛ ክፍል ፈታኝ ነበርኩ። በመሃል ቢሮ ተጠርቼ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ወረቀት ከዴስክ ዴስክ ይዞራል፣ ሁለት ልጆች ጭራሽ ቆመው ያስኮርጃሉ። እኔ ምን አደረግሁ? ወደ ኋላ ተመልሼ ጫማዬን እያስጮህኩ እንደገና መጣሁ። ስገባ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ትንፍሽ አላልኩም፤ ብናገር ‹ክፍሉን ለማን ትተሽ ወጣሽ?› እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። አንድ ልጅ ብቻ ወረቀቱን በክንዱ ከልሎ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ በሩ ላይ ስቆም ቀና ብሎ አይቶኛል። በዚያ ሴሚስተር ከሦስተኛ ወደ ዘጠነኛ ወረደ።

ያ ልጅና ጓደኞቹ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ ሰኞ ፊት ለፊቴ ይሰለፋሉ። ንግግሩን ልተወው? እንደ ሁሉም ሰው ‹ሐቀኝነት ጥሩ ነው› ብዬ ልውረድ? ወይስ በማይክሮፎኑ ሁሉንም ዘርግፌ ልገላገል? ምን ይሉኛል?

ጫማዋን ያስጮኸችው መምህርት»

እህቴ፣

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ዛሬ እንቅልፍ የነሳሽ የትኛው ነው? ርእሰ መምህሩ ይሰማሉ የሚለው ፍርሃት ነው ወይስ የዚያ ልጅ ዐይን? ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡብሽ አንድ ችግር መስለውሻል። የመጀመሪያው የሥራ ጉዳይ ነው። ብትወቀሺበትም የምትችዪው ወቀሳ ነው፤ ደግሞም ከፈተና ክፍል ፈታኝ ጠርቶ ያስወጣ ቢሮ ከወቀሳው ድርሻውን ይውሰድ። ሁለተኛው ግን በማይክሮፎን የሚፈታ አይደለም። ልጁ ከስንተኛ ወደ ስንተኛ እንደወረደ ሳይቀር ይዘሽ ስለቆየሽ፣ ያስጨነቀሽ እሱ ነው ብዬ ገምቻለሁ።

ንግግሩን ተዪው አልልሽም። አንቺ ብትተዪው ሌላ መምህር ከአንድ ቦታ የገለበጠውን ያነብላቸዋል፤ እነዚያ ልጆችም «ሐቀኝነት» የሚለው ቃል በተጠራ ቁጥር ዘወር ብለው አንቺን ያያሉ። ነገር ግን ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመሽ ሁሉንም መዘርገፍሽንም አልደግፍም። እዚያ ከሚሰለፈው ተማሪ አብዛኛው ስለዚያ ቀን የሚያውቀው ነገር የለም። በአንድ ጠዋት ወሬው ትምህርት ቤቱን ያዳርሳል፣ እስከ ምሳ ሰዓት «መምህርቷ አስኮረጀቻቸው» ይሆናል። የዚያ ክፍል ልጆችም ሳይጠየቁ፣ አፍ ሳይሰጣቸው፣ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ኮራጅ ተብለው ይቆማሉ። ሰልፍ ላይ አውጫጭኝ አይቀመጥም።

እኔ የሚታየኝ ነገሩን ለሁለት መክፈል ነው። ለዚያ ክፍል ያለብሽን ዕዳ እዚያው ለእነሱ ክፈይ። ለትምህርት ቤቱ የምትናገሪው ሌላ ይሁን። ሁለት ሳምንት አለሽ፤ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉ ግን ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ወደ ርእሰ መምህሩ ሂጂ። ከተማሪ አፍ ወይም ከድምፅ ማጉያው ከሚሰሙት ከአንቺ ይስሙት። ባዶ እጅሽን አትግቢ፤ «ይህ ተፈጥሯል፣ ለክፍሉ እንዲህ ብዬ ልናገር አስቤያለሁ፣ ለወደፊቱ ደግሞ ፈታኝ በፈተና ሰዓት ከክፍል እንዳይጠራ ቢደረግ» ብለሽ ግቢ። የተዘጋ ሴሚስተር ውጤት በአንቺ ቃል ብቻ የሚነካ አይደለምና ያንን እንዲከፍቱ አትጠይቂ። ማወቅ የሚገባቸውን እንዲያውቁ ማድረግ ነው የአንቺ ድርሻ።

ቀጥሎ ልጁ ነው። አደራ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል አታስጠሪው፤ ተማሪ እዚያ ሲጠራ ጓደኞቹ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ። ከትምህርት በኋላ ግቢ ውስጥ፣ ሰው በሚያልፍበት ግን በማይሰማበት ቦታ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃሻል። «ያን ቀን ብቻህን ስትሠራ አይቼሃለሁ። ዝም ማለቴ አንተን ጎድቶሃል፤ አጥፍቻለሁ» በይው። ከዚያ ዝም በዪ። ምናልባት «ችግር የለም መምህር» ብሎ ይሄዳል። ምናልባት ዐይኑ እንባ ያቀርራል፣ ወይም ዓመት ሙሉ የያዘውን ይናገርሻል። ደረጃውን እንደምታስመልሺለት ቃል አትግቢ፤ የማትችዪውን ቃል መግባት ሁለተኛ በደል ነው። አንድ ነገር ግን ጠይቂው፦ ለክፍሉ ስትናገሪ ሳይኮርጅ የሠራ ሰው እንደነበረ ብታነሺ ይከፋዋል ወይ? ስሙን ባትጠሪም ጓደኞቹ ያውቁታል። አንዱ «ቀለሜው» እያለ ይቀልድበታል፤ ሌላው «ነግሮባት ነው እንጂ አሁን ምን አስታወሳት?» ይላል። ይህኛው ከቀልዱ ይከፋል፣ ጆሮ ጠቢ ያሰኘዋል። ተዪው ካለሽ ሙሉ በሙሉ ተዪው። ሐቀኛ የነበረ ልጅ የሌላ ሰው ንግግር ማድመቂያ የመሆን ግዴታ የለበትም።

ከዚያ ክፍሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ ስለተከፋፈሉ አሁን በአንድ ክፍል ላታገኚያቸው ትችያለሽ፤ በሰኞው ሳምንት ዋዜማ፣ ዓርብ በእረፍት ሰዓት፣ የድሮ ክፍላቸው ውስጥ እንዲገናኙሽ በክፍል አለቆቻቸው በኩል አስጠሪያቸው። ንግግርሽ ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ወጥተሽ ስትመለሺ ምን እየተደረገ እንደነበር ማየትሽን፣ አይተሽ እንዳላየ ማለፍሽን፣ ጥፋት እንደነበረ፣ ሰኞ ስለ ሐቀኝነት እንደምትናገሪና ስለ እነሱ እንደማታነሺ፣ ይህንንም ቀድመው ከአንቺ እንዲሰሙ መፈለግሽን ንገሪያቸው። ልጁ ከፈቀደ ብቻ «ሳይኮርጅ የሠራ ተጎድቷል» የምትለዋን ጨምሪ። «የኮረጃችሁ እጅ አውጡ» ማለት የለም። «ይቅር በሉኝ» ብለሽም አትጠብቂ፤ አርባና ሃምሳ ልጅ ፊት ይቅርታ ከጠየቅሽ ከማጨብጨብ በቀር ምን ምርጫ አላቸው? ከኋላ ወንበር አንዱ ቢስቅ አትደንግጪ። በዚያ ዕድሜ ሳቅ ብዙ ጊዜ ኀፍረት ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ እንምጣ። ስለዚህ ጉዳይ የተጠና ነገር አለ፣ ብታውቂው ልፋትሽን ይቀንስልሻል።

ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1920ዎቹ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትና ወጣቶችን ማንም በማያይበት ሁኔታ ፈትነዋቸዋል፤ ውጤቱን ያሳተሙት በ1928 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ፈተና ይሰጣሉ፣ ወረቀቱን ይሰበስባሉ፣ ልጆቹ ሳያውቁ መልሶቻቸውን ይገለብጣሉ፣ በሌላ ቀን ወረቀቱን ከትክክለኛው መልስ ጋር መልሰው «ራሳችሁ አርሙ» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱን ያስተያያሉ። ሌላም ነበራቸው፦ ዐይንህን ጨፍነህ በትንንሽ ክቦች ውስጥ ነጥብ አድርግ። ጨፍኖ ሁሉንም ማግኘት ስለማይቻል፣ በጣም የተሳካለት ልጅ አጮልቆ አይቷል ማለት ነው።

ያገኙት ነገር የጠበቁትን አልነበረም። ልጆቹ «ሐቀኛ» እና «አታላይ» ተብለው በሁለት ሰልፍ የሚቆሙ አልሆኑም። ራሱ ሲያርም ያልጨመረ ልጅ በጨዋታ ላይ ያጭበረብራል፣ በክፍል የኮረጀው ደግሞ ገንዘብ ሲሰጠው ሳንቲም አይነካም። በአንድ ክፍል አብረው የሚማሩ ልጆች ግን እርስ በርስ ይመሳሰሉ ነበር። ኋላ ቁጥሩን እንደገና ያሰሉ ሰዎች «ትንሽም ቢሆን የልጁ የራሱ ጠባይ አለበት» ብለዋል። እንደዚያም ሆኖ ዋናው ነገር አልተሻረም። «ሐቀኛ ሁኑ» የሚል ጥቅል ንግግር ሰልፍ ላይ ላለ ልጅ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም፤ ልጁ ስለ ራሱ ያለው አስተያየት ቀድሞውኑ ጥሩ ነው። እሱ የሚያውቀውን አንድ ሁኔታ ወስደሽ ስለዚያ ብቻ ተናገሪ።

የትኛውን ሁኔታ? የፈተና ክፍሉን አይደለም። ቁስሉ ገና እርጥብ ነው፣ ያ ልጅም አለበት። እኔ ብሆን የምመርጠው ፈተና ታርሞ የሚመለስበትን ቀን ነው። በድካም ስትደምሪ ለአንዱ ሦስት ማርክ ጨምረሽለታል። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው፣ ስህተቱን ያየው እሱ ብቻ ነው፣ አንቺ ረስተሽዋል። ርእሱ የሚለው «ማንም ሳያይ» ከዚህ በላይ በግልጽ የሚገኝበት ቦታ በትምህርት ቤት ውስጥ የለም። እያንዳንዱ መምህር ደግሞ በማስተማር ዘመኑ «መምህር፣ በዝቶልኛል» ብሎ የመጣ ተማሪ አያጣም። አንቺም አለሽ፤ እሱን አስታውሺ። ታሪኩ የእውነት ይሁን፣ ልጁ እንዳይታወቅ የክፍሉንና የዓመቱን ነገር ተዪው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተማሪው ምን እንደገጠመው ለመናገር አትቸኩዪ፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። በልጅነታችን ከሰማናቸው ውስጥ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚባለው ሳይሆን አይቀርም ሰልፍ ላይ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው፤ እንቁላል ሰርቆ የመጣ ልጅ እናቱ ዝም ስላለችው ሌባ ሆኖ አድጎ፣ ሊሰቀል ሲል እናቱን የወቀሰበት። ጠንካራ ታሪክ ነው፣ ግን ለሰኞ አትውሰጂው። ካናዳዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ካንግ ሊና ባልደረቦቹ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ያወጡት ጥናት አለ። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆችን «ዘወር ብለህ አሻንጉሊቱን እንዳታይ» ብለው ብቻቸውን ይተዋቸዋል፤ ተመልሰው ተረት ያነቡላቸዋል፣ ከዚያ «አይተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቋቸዋል። «ተኩላ መጣ» እያለ ሲዋሽ ኖሮ ጉድ የሆነውን እረኛ ተረት የሰሙ ልጆች እውነት በመናገር ምንም አልተሻሻሉም። እውነት የተናገሩት የበለጠ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን የሰሙት ናቸው፤ የቼሪ ዛፉን መቁረጡን ለአባቱ አምኖ አባቱ ያመሰገነውን። (ያ ታሪክ ራሱ ሕይወቱን የጻፈው ሰው ፈጥሮ የጨመረው መሆኑ ቢያስቅም።) ተመራማሪዎቹ የዚያኑ ታሪክ መጨረሻ ቀይረው ውሸት የሚያመጣውን ክፉ ነገር እንዲያሳይ ሲያደርጉት፣ ጥቅሙ ጠፋ። የአንቺዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ከሕፃናት የተገኘውን እንዳለ አትገልብጪባቸው። ግን የሚያስፈራ ታሪክ ልጅን መደበቅ ሊያስተምረው እንደሚችል ለመጠርጠር መምህር መሆን ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ «በዝቶልኛል» ብሎ የመጣው ልጅ ከአንቺ ምን አገኘ? አንዳንድ መምህር «እሺ» ብሎ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ይቀንስና ቀጥሎ ያለውን ይጠራል። ልጁ ሦስት ማርኩን ከፍሎ ባዶውን ይመለሳል፣ ጓደኞቹም «ምን አገባህ?» ይሉታል። ሌላው ደግሞ «ለሐቀኝነትህ ይሁንልህ» ብሎ ማርኩን ይተውለታል። ደግነት ይመስላል፣ ግን በሚቀጥለው ፈተና ግማሽ ማርክ የበዛለት ሁሉ ወረፋ ይይዛል፤ ነገሩ ንግድ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም አልወዳቸውም። ማርኩ ይስተካከል፣ ልክ ያልሆነ ቁጥር መዝገብ ላይ አይቀመጥምና። ነገር ግን ልጁን ቀና ብለሽ እያየሽ «ካንተ የመጣ ወረቀት ሁለተኛ አልደምርም፤ አምንሃለሁ» ማለት ትችያለሽ። ይህ የሚከፈል ዋጋ አለው፤ ቀጥሎ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ ሳትከራከሪ ታስተካክዪለታለሽ። ተማሪ ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «ኩረጃ ባህል ሆኗል፣ ሁላችሁም ትኮርጃላችሁ» ማለት ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ኩረጃ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ዶናልድ ማኬብና ሊንዳ ትሬቪኞ፣ ተማሪ እንዲኮርጅ ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ጎልቶ የወጣው «ጓደኞቼም ያደርጉታል» የሚለው ግምት እንደሆነ ጽፈዋል። አንቺ በማይክሮፎን «ሁሉም ያደርጋል» ካልሽ ይህንን ግምት በመምህር አፍ ማጽናትሽ ነው። የማይኮርጀውም ሞኝነት ይሰማዋል። ዝም ብለሽ የሚያደርጉትን መልካም ነገር ተናገሪ፣ የሚያደርጉት አሉና።

ሁለተኛው ወጥመድ ከንግግርሽ ርእስ ጋር ይጣላል። «ዛሬ ብትኮርጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ስትፈተኑ ትያዛላችሁ» ለማለት ያምርሻል፤ ቁጥሩም አለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን አንደኛ፣ ያ ውጤት ኩረጃ በመቆሙ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጦርነቱም፣ የኮቪድ ጊዜ የተቋረጠው ትምህርትም፣ ያልደረሰ መጽሐፍም አለበት። ሁለተኛ ደግሞ «ጠባቂ ይመጣላችኋል» ማለት «ጠባቂ ከሌለ ግን…» የሚለውን ክፍት ትቶ መውጣት ነው። «ሰው ባያይ ፈጣሪ ያያል» የሚለውም ቤታቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውና መስጊዳቸው የሚሰሙት ነው፤ እዚያ ይበርታ፣ አንቺ ከመንግሥት ትምህርት ቤት መድረክ ባትጠቀሚበት ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ ኩረጃ ወይም የተደበቀ ማርክ ከማን ላይ ምን እንደሚወስድ ከራስሽ ሥራ አሳዪያቸው። የክፍሉ ውጤት ጥሩ መስሎሽ አንድ ምዕራፍ ሳትደግሚ ያለፍሽበት ጊዜ የለም? ኳድራቲክ ኢኩዌሽን የገባቸው መስሎሽ ወደሚቀጥለው ስትሄጂ፣ ሁለት ወር ቆይቶ ግማሹ ክፍል መሠረቱን አያውቅም። ወረቀቱ ለመምህሩ ዋሽቷል፣ መምህሩም በዚያ ውሸት ላይ ተመሥርቶ አስተምሯል። ተጎጂው ያልገባውና «አልገባኝም» ለማለት ያፈረ ልጅ ነው፣ ክፍሉ ሁሉ የገባው ይመስለዋልና።

ከተፈቀደልሽ አሥር ደቂቃ አምስቱን ብቻ ተጠቀሚ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ማይክሮፎኑ እየፎጨ፣ ከኋላ ያሉት እየተጎሻሸሙ አሥር ደቂቃ የሚያዳምጥ የለም። ጽፈሽ፣ ቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብበሽ በሰዓት ለኪው። አጀማመሩ ለምሳሌ እንዲህ ቢሆንስ፦

«ፈተና አርሜ ስመልስላችሁ ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ። መጀመሪያ ማርኩን ታያላችሁ። ቀጥሎ የጎረቤታችሁን ታያላችሁ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ትደምራላችሁ፤ ሒሳብ የማይወደው ሁሉ ያን ቀን ጎበዝ ደማሪ ነው። አንድ ማርክ የጎደለበት ሮጦ ይመጣል። ለምን መጣህ አልልም፣ መብቱ ነው። የበዛለትስ? የበዛለት ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ያስገባል። እኔ አላውቅም፣ ጎረቤቱም አላየም። አንድ ቀን ግን አንድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ መጣ።»

ከዚህ በኋላ የራስሽ ታሪክ ይቀጥላል። ልጁ እንዴት እንደመጣ በቅርብ አሳዪ፦ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቆ ነበር? ወረቀቱን ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጦ ያለው ምንድን ነው? አንቺስ ምን አልሽው? በዚያ ጊዜ ምንም ሳትይው የቀነስሽለት ከሆነም እንደዚያው ተናገሪ፣ ዛሬ ቢመጣ ምን እንደምትይው ጨምሪበት። ራስሽን የሚመለከተው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «እኔም አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩበት ጊዜ አለ፤ የሚመለከታቸውን አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ።» ዓርብ የሰሙት ልጆች ይገባቸዋል፣ ሌላው ያልፈዋል። ፊታቸውን ለማየት ወደ እነሱ ሰልፍ አትዙሪ። ማሳረጊያውን ደግሞ በተግባር ዝጊው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት በምመልስበት ቀን የጎደለበትም የበዛለትም በአንድ ወረፋ ይመጣል፤ ሁለቱንም አስተካክላለሁ።» ከሌሎች የሒሳብ መምህራን ጋር ቀድመሽ ከተነጋገርሽ በዲፓርትመንቱ ስም ብትዪው ይበረታል።

ርእሰ መምህሩ ስትነግሪያቸው ቢቆጡስ? ወይም «ይህን ነገር ቅበሪው፣ ለልጆቹም እንዳትተነፍሺ» ቢሉሽ? ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ክፍሉን ሰብስቦ መናገሩ ይቀራል፤ ከአለቃሽ ትእዛዝ ጋር ተማሪ ፊት ግብ ግብ እንድትገጥሚ አልመክርሽም። ከሰኞው ንግግር ውስጥም ስለራስሽ ያሰብሻትን ዓረፍተ ነገር አውጫት፣ ያልተደረገ ነገር ተደርጓል ማለት አይሆንምና። ከልጁ ጋር የምታደርጊው የሁለት ደቂቃ ንግግር ግን የአንቺና የእሱ ነው፤ እሱን ማንም አይከለክልሽም።

የሚቀጥለው ማጠቃለያ ፈተና ሲደርስ ደግሞ የምትችዪውን ያህል ለልጆቹ አቅልይላቸው። የአንቺን ትምህርት ፈተና ኮድ ሀ እና ኮድ ለ አድርገሽ ጥያቄዎቹን አዘዋውሪ፤ ድካም አለው፣ ለሁለት ኮድ የሚሆን የመልስ ቁልፍም ማዘጋጀት አለብሽ፣ ግን አጠገብ ያለው ወረቀት ላይ ማየት ትርጉም ያጣል። ተራርቀው ይቀመጡ፣ ክፍሉ ካልበቃ የላቦራቶሪውን ክፍል ጠይቂ። ፈታኝ ሆነሽ ሳለ ተላላኪ መጥቶ «ቢሮ ይፈልጉሻል» ቢልሽ «የሚተካኝ ሰው ይላኩና እመጣለሁ» በዪው። ካስፈለገ ይህንኑ ከርእሰ መምህሩ ጋር አሁን ስትገናኙ በጽሑፍ አስይዢው፣ ያን ጊዜ ተላላኪውም አይቀየምሽም።